ጉዳዩ፦ በሌተርሄዱና በፖስታው ላይ የታተመው የሎጎ ሰማያዊ ከተፈረመበት ፕሩፍ የተለየበትን ምክንያት ስለ መግለጽ

ለማተሚያ ቤቱ የኅትመት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ታኅሣሥ 18 ያስረከባችሁንን የሆቴሉን ሥራዎች ከተፈረመበት ፕሩፍ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ መርምሬአቸዋለሁ። ቢዝነስ ካርዱ ከፕሩፉ የሚለይበት ነገር የለም ለማለት ያስደፍራል። በአርት ፔፐር ታትሞ ማት ላሚኔሽን የለበሰው ፎልደር ጥቂት ደብዘዝ ብሏል፤ ይህ ግን ከላሚኔሽኑ የመጣና አስቀድመን የጠበቅነው ስለሆነ ቅሬታ የለንበትም። ችግሩ ያለው በሌተርሄዱና በፖስታው ላይ ነው፤ በእነዚህ ላይ ጥቁር ሰማያዊ መሆን የነበረበት ሎጎ ወደ ሐምራዊ አዘንብሎ ወጥቷል።

በስልክ ስንነጋገር ማሽኑ ላይ የቀለሙ መጠን በትክክል እንደተለካና ምናልባት ልዩነቱ ከእኛ ኮምፒውተር ስክሪን የመነጨ ሊሆን እንደሚችል ገልጸውልኝ ነበር። ስለ ቀለሙ መጠን የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ቢዝነስ ካርዱ በዚያው ማሽንና በዚያው የማተሚያ ቀለም ታትሞ ልክ ሆኖ መውጣቱ በቂ ማስረጃ ነው። ስክሪኑ ግን በዚህ ጉዳይ ውስጥ አይገባም፤ ያነጻጸርኩት ሁለት የታተሙ ወረቀቶችን ነው፤ ይኸውም ደንበኛው የፈረመበትን ፕሩፍና የደረሰንን ሌተርሄድ ነው። ንጽጽሩንም ያደረግሁት ጠዋት፣ በመስኮት አጠገብ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያርፍበት ብርሃን ነው፤ ማታ በቢሮ አምፖል ሥር የታየ ሰማያዊ ማንንም ያሳስታልና።

ለእኔ ዋናው ፍንጭ የተበላሹት ሁለቱም ሥራዎች በውድ ፍሪ ወረቀት የታተሙ መሆናቸው፣ ደህና የሆኑት ደግሞ በአርት ፔፐር መታተማቸው ነው። እንደሚያስታውሱት የላክንላችሁ ፋይል አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር። የመጀመሪያው logo_art.pdf ሲሆን ለአርት ፔፐር የተዘጋጀና ሎጎው C 100 M 68 Y 0 K 8 የሆነበት ነው። ሁለተኛው logo_woodfree.pdf ለሌተርሄዱና ለፖስታው ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በእሱ ላይ ሎጎው C 100 M 54 Y 0 K 4 ነው። ከሌተርሄዱ ጥቅል ጋር የላካችሁልን ያልተከረከመ ወረቀት ጠርዝ ላይ ግን የታተመው የፋይል ስም logo_art.pdf ነው። ስለዚህ ለውድ ፍሪው ኅትመት ፕሌቱ የወጣው ለአርት ፔፐር ከተዘጋጀው ፋይል ነው ማለት ነው፤ የቀለሙ ልዩነት የጀመረውም እዚያ ላይ ነው።

የማጀንታው ልዩነት በቁጥር ሲታይ ትንሽ ሊመስል ስለሚችል ለምን ይህን ያህል እንደሚጎዳ ላብራራ። አርት ፔፐር ገጹ በልባስ የተሸፈነ ስለሆነ ቀለሙ ላዩ ላይ ይቀራል፤ ውድ ፍሪ ግን ልባስ ስለሌለው፣ በጋቢ ላይ እንደወደቀ የውሃ ጠብታ፣ እያንዳንዱ የቀለም ነጥብ ወደ ወረቀቱ እየሰረገና ወደ ጎን እየሰፋ ይሄዳል። ለኦፍሴት ኅትመት በ2013 የታደሰው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 12647-2፣ ይህን መስፋት አስቀድሞ አስቦታል፤ በፋይሉ ላይ 50 በመቶ የሆነ ቀለም ጥሩ ልባስ ባለው ወረቀት ላይ በ16፣ ልባስ በሌለው ነጭ ወረቀት ላይ ደግሞ በ22 ነጥብ ያህል ጨምሮ እንዲታይ ይጠብቃል። አሁን ወደ ሎጎው ስንመለስ፣ ሲያኑ 100 በመቶ ድፍን ስለሆነ የሚሰፋበት ቦታ የለውም፤ እንዲያውም ወደ ወረቀቱ ስለሚሰርግ ኃይሉ ይቀንሳል። ማጀንታው ግን በነጥብ የተሠራ ስለሆነ ይሰፋል። አንዱ ሲዳከም ሌላው ሲበረታ ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ መዞሩ አይቀርም። በማጉያ መነጽር ብታዩትም ይኸው ነው፤ በቢዝነስ ካርዱ ላይ በማጀንታው ነጥቦች መካከል ክፍተቱ በግልጽ ይለያል፣ በሌተርሄዱ ላይ ግን ነጥቦቹ ሊገጣጠሙ ምንም አልቀራቸውም። በሁለተኛው ፋይል ማጀንታውን ዝቅ ያደረግነው ይህንኑ ለማካካስ ነበር።

ባለሙያዎ ማሽኑ ላይ ቆሞ ሲያየው ቀለሙ ከፕሩፉ ጋር የተቀራረበ መስሎት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አልወቅሰውም። እርጥብ ቀለም ከደረቀው ይልቅ ደማቅና ጥልቅ ሆኖ ይታያል፤ ልባስ በሌለው ወረቀት ላይ ደግሞ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይጎላል። የውድ ፍሪ ኅትመት ከደረቀ በኋላ ቢታይ ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆን እፈልጋለሁ። በውድ ፍሪ የሚታተም ሎጎ በአርት ፔፐር ላይ ከተሠራው ፕሩፍ ጋር ፍጹም አንድ እንዲሆን አንጠይቅም፤ ሊሆንም አይችልም። ትንሽ መደብዘዙን ደንበኛው ፕሩፉን ሲፈርም ነግረነው ተቀብሎታል። የማንቀበለው ቀለሙ ዘሩን መለወጡን ነው፤ ምክንያቱም የሆቴሉ ሰሌዳ፣ የሠራተኞቹ ልብስና አሁን ያተማችሁት ቢዝነስ ካርድ ሁሉም ሰማያዊ ስለሆኑ፣ ሐምራዊ ሌተርሄድ ከእነሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሌላ ድርጅት ይመስላል።

ስለዚህ 2,000ው ሌተርሄድና 1,000ው ፖስታ እንደገና እንዲታተሙ እጠይቃለሁ። ይህ በሁለት መንገድ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ከ logo_woodfree.pdf አዲስ ፕሌት ማውጣት ነው፤ ይህ ከተመረጠ በፕሌት ማውጫው ላይ የወረቀቱ ዓይነት ለውድ ፍሪ መዋቀሩን፣ በአርት ፔፐሩ ማካካሻ ላይ አለመቆየቱን እንድታረጋግጡልን አደራ እላለሁ። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ሎጎውን በአንድ የተቀመመ ሰማያዊ፣ በፓንቶን 286፣ ማተም ነው። ሌተርሄዱ ላይ ያለው ሰማያዊ ሎጎና ጥቁር አድራሻ ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ በሦስት ፕሌት ፈንታ ሁለት ይበቃል፤ ሰማያዊውም ድፍን ሆኖ ስለሚታተም የሚሰፋ ነጥብ ስለማይኖር ወደ ሐምራዊ የሚጎትተው ነገር አይኖርም። ቀለሙን ስትቀምሙ የምታነጻጽሩት ልባስ ለሌለው ወረቀት ከተዘጋጀው የፓንቶን መጽሐፍ፣ ማለትም ከ 286 U፣ ጋር ይሁን። መጽሐፉ እናንተ ዘንድ ከሌለ የእኔን ይዤ እመጣለሁ።

የወረቀቱንና የፕሌቱን ወጪ በተመለከተ ፕሌቱ የወጣው ለዚህ ሥራ ካልተላከ ፋይል በመሆኑ በማተሚያ ቤቱ በኩል ይሸፈናል ብዬ እጠብቃለሁ፤ በዚህ ላይ የተለየ አስተያየት ካለዎት ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ ይሻላል። የታተመውን ሌተርሄድ ሆቴሉ ለውስጥ ረቂቅ ሊጠቀምበት ፈቃደኛ ስለሆነ ወደ እናንተ አንመልሰውም፤ መጣሉ ለማንም አይጠቅምም።

ሆቴሉ ለጥምቀት ለሚመጡ እንግዶች የሚልከው ደብዳቤ ከጥር 5 በፊት መውጣት አለበት፤ በዚያ ሳምንት ጎንደር እንዴት እንደምትጨናነቅ እርስዎም ያውቁታል፤ መካከል ላይ ደግሞ ገና አለ። በዚህ ምክንያት ከሁለቱ መንገዶች የትኛውን እንደመረጣችሁ እስከ ታኅሣሥ 22 እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማሽኑ በሚነሣበት ጠዋት ከፒያሳ መጥቼ የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች አብሬአችሁ አያለሁ፤ ከእነሱም ጥቂቱ ደርቆ በማግስቱ ከታየና ከተፈረመበት በኋላ ቀሪው እንዲታተም እንስማማ። የተፈረመበትን ፕሩፍ፣ የፋይሉ ስም የሚታይበትን ያልተከረከመ ወረቀትና ሁለቱን ፋይሎች በፎቶና በአባሪ ከዚህ ኢሜይል ጋር ልኬአለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሆቴሉ ሎጎና የኅትመት ሥራዎች ዲዛይነር
ጎንደር፣ ታኅሣሥ 20