ስኩዌር ሩት ከመውሰዳችሁ በፊት፦ የዘረመል ሚዛን ጥያቄዎች ለቅዳሜ ክፍል

የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ ማጠናከሪያ ወረቀት፣ ደብረ ብርሃን። ካልኩሌተር ያዙ፤ የስልካችሁም ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት የሰጠኋችሁን አጭር ፈተና ሳርም አመሸሁ። ከ43 ተማሪ 29ኛችሁ የሳታችሁት አንዱን ቦታ ነው። ነጮቹን በጎች ቆጥራችሁ፣ ለ400 አካፍላችሁ፣ ስኩዌር ሩት ወስዳችሁ «ይኸው p» ብላችኋል። ስሌቱ ጥንቅቅ ያለ ነው፤ የተነሳበት ቦታ ነው የተበላሸው። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ መልሼ አምጥቼዋለሁ። መልሱን ከሥሩ ጽፌላችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን በወረቀት ሸፍናችሁ ሞክሩት።

የምንጠቀምባቸው ሁለት ቀመሮች ብቻ ናቸው።

```
p + q = 1
p² + 2pq + q² = 1
```

የመጀመሪያው የአሊል ቆጠራ ነው። ሁለተኛው የጂኖታይፕ ነው፦ p² ንጹህ ዶሚናንት፣ 2pq ተሸካሚ፣ q² ንጹህ ሪሴሲቭ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረን ድልድይ «ፖፑሌሽኑ የዘረመል ሚዛን ላይ ነው እንበል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ናት። ትርጉሟም ይሄ ነው፦ ፖፑሌሽኑ ትልቅ ነው፣ ጋብቻው ያለ ምርጫ ነው፣ ከውጭ የሚገባም ወደ ውጭ የሚወጣም የለም፣ ሚውቴሽን የለም፣ አንዱን ጂኖታይፕ ከሌላው የሚያስበልጥ የተፈጥሮ ምርጫም የለም። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከሌለች ስኩዌር ሩት መውሰድ አይፈቀድም። በጥያቄ 4 ላይ ታዩታላችሁ።

ይህን ነገር በ1908 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ደረሱበት፤ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ሃርዲ እና ጀርመናዊው ሐኪም ዋይንበርግ። ሃርዲን ያነሳሳው እናንተም የምትጠይቁኝ ጥያቄ ነበር፦ «ዶሚናንት ከሆነ ለምን እየበዛ ሄዶ ሌላውን አያጠፋውም?» መልሱ፣ ዶሚናንት ማለት ጎልቶ የሚታይ ማለት እንጂ የሚበዛ ማለት አይደለም።

ጥያቄ 1። የመንዝ በጎች

በአንድ የመንዝ ቀበሌ 400 በጎች ተቆጠሩ። 364ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። ነጭ (B) በጥቁር (b) ላይ ዶሚናንት ነው፣ ፖፑሌሽኑም ሚዛን ላይ ነው እንበል። (እውነተኛው የበግ ቀለም ከአንድ በላይ ጂን የሚገባበት ጣጣ ነው። ለፈተናችን አንዱ ይበቃል።) ሀ) የሁለቱን አሊሎች ድግግሞሽ አስሉ። ለ) ከነጮቹ ስንቶቹ የጥቁር አሊል ተሸካሚ ናቸው? ሐ) ባለቤቶቹ «ጥቁር ገበያ ላይ ዋጋ አያወጣም» ብለው ጥቁሮቹን በሙሉ ሳይወልዱ ቢሸጧቸው፣ በሚቀጥለው ትውልድ ጥቁር ግልገል ይኖራል?

*መልስ።* ነጭ በግ BB ይሁን Bb በዓይን አይለይም። ሁለት ዓይነት በግ አንድ በረት ውስጥ አለ ማለት ነው። ጥቁሩ ግን ሌላ ሊሆን አይችልም፣ bb ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሪሴሲቩ ጀምሩ።

```
q² = 36/400 = 0.09
q  = 0.3
p  = 1 - 0.3 = 0.7
BB = 0.49 × 400 = 196
Bb = 0.42 × 400 = 168
bb = 0.09 × 400 = 36
```

ሦስቱን ደምሩ፦ 400። ድምሩ ካልመጣ ወደ ኋላ ተመለሱ። ከ364 ነጭ በጎች 168ቱ ተሸካሚ ናቸው፤ 46 ከመቶ ገደማ። ነጭ ላይ ስኩዌር ሩት የወሰዳችሁት p = 0.95 አግኝታችኋል። በእናንተ ስሌት ከሆነ ጥቁሩ በግ አንድ ብቻ ነው። 36ቱ ሲግጡ እየታዩ!

«ሐ» ላይ እንቆይ፣ ደስ የሚለው እሱ ነው። ጥቁሮቹ ሲሸጡ 196 BB እና 168 Bb ይቀራሉ። የቀሩት አሊሎች በጠቅላላ 728 ናቸው፤ ከነዚህ b የሆኑት 168። ስለዚህ አዲሱ q = 168/728 = 0.231። የተረፉት ያለ ምርጫ ከተዳቀሉ የጥቁር ግልገል ድርሻ 0.231² = 0.053 ነው። ከ100 ግልገል 5 ገደማ ጥቁር ይወለዳል። እነሱንም ሽጠው ቢደግሙት q ወደ 0.1875 ይወርዳል፣ ጥቁሩም ከመቶ 3.5 ይሆናል። ከዘጠኝ ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ሦስት ተኩል። እየቆየ መቀነሱም ይዘገያል፤ አሊሉ ነጭ ለምድ ለብሶ ስለሚደበቅ ማለት ነው። አንድ ተማሪ «ታዲያ አያቴ ለምን ሁልጊዜ ጥቁር ግልገል ያገኛል?» ብሎኝ ነበር። ከሁለት ነጭ ወላጆች ነዋ!

ጥያቄ 2። መራራዋ ወረቀት

ፒቲሲ የሚባል ኬሚካል የነካች ወረቀት ምላስ ላይ ስትደረግ አንዳንዱን ሰው መራራ ትለዋለች፣ አንዳንዱ ምንም አይሰማውም። መቅመስ ዶሚናንት ነው እንበል። በአንድ ትምህርት ቤት 84 ከመቶው መራራነቷ ተሰማው። ሚዛን ላይ ከሆነ፣ ከቀማሾቹ ውስጥ የማይቀምስ ልጅ ሊወልድ የሚችል አሊል የያዘው ስንት ከመቶ ነው?

*መልስ።* 84ን እንዳትነኩት። ወጥመዱ እሱ ነው፤ ማትሪክ ላይም ይወዱታል። የማይቀምሱት 16 ከመቶ ናቸው፦ q² = 0.16፣ q = 0.4፣ p = 0.6። ተሸካሚዎች 2pq = 0.48። እዚህ ላይ 48 ብላችሁ አትቁሙ። ጥያቄው ከቀማሾቹ ውስጥ ነው ያለው፦ 0.48/0.84 = 0.571፤ 57 ከመቶ።

ጥያቄ 3። ሰባት ቤት መቁጠር

አንድ ሪሴሲቭ በሽታ ከ10,000 ሰው በአንዱ ላይ ይታያል። ሀ) ተሸካሚው ስንት ነው? ለ) የአጎትና የአክስት ልጆች ቢጋቡ ልጃቸው የመታመም ዕድሉ ምን ያህል ነው?

*መልስ።* q² = 0.0001፣ q = 0.01። 2pq = 2 × 0.99 × 0.01 = 0.0198። ከ50 ሰው አንዱ ተሸካሚ ነው። በሽተኛው ከ10,000 ሰው አንድ ሲታይ ተሸካሚው በየክፍላችሁ አለ እንደማለት ነው።

«ለ» ከመጽሐፋችሁ ትንሽ ይወጣል፤ ግን ለእኛ ሰፈር የተሠራ ጥያቄ ነው። የአጎት ልጆች ሲጋቡ ልጃቸው ከአንድ ቅድመ አያት የመጣ ተመሳሳይ አሊል ከሁለቱም ወገን የመውረስ ዕድሉ 1/16 ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱም አሊሎች መጥፎ የመሆን ዕድል q ነው እንጂ q² አይደለም። በቀረው 15/16 ግን እንደ ማንኛውም ሰው ነው።

```
(15/16) × 0.0001 + (1/16) × 0.01
= 0.00009375 + 0.000625
= 0.00071875
```

ከ10,000 ልጅ 7 ገደማ፤ ከተራው ሰው ሰባት እጥፍ። ሽማግሌዎቻችን ሙሽራ ሲታጭ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ይህን ቀመር አይተው አይደለም። ቁጥሩ ግን ከእነሱ ጋር ነው የቆመው። «ጋብቻው ያለ ምርጫ ነው» የምንለው ግምት ሲሰበር ሚዛኑ በየት በኩል እንደሚያዘነብልም አሳየን፦ ንጹህ ሪሴሲቩ ይበዛል፣ ተሸካሚው ያንሳል። ይህን ያዙልኝ።

ጥያቄ 4። የባቄላው ማሳ

ከአንድ የባቄላ ማሳ 200 ተክሎች ተወስደው በላብራቶሪ ታዩ። F እና S የሚባሉ ሁለት አሊሎች አሉ፤ ሁለቱም ስለሚታዩ ሦስቱም ጂኖታይፖች ይለያሉ። FF 90፣ FS 60፣ SS 50። ሀ) የአሊሎቹን ድግግሞሽ አስሉ። ለ) ማሳው ሚዛን ላይ ነው?

*መልስ።* እዚህ ሚዛን ላይ ነው ያለ ሰው የለም! ስኩዌር ሩት የወሰደ ተማሪ ይህን ያገኛል፦ √(90/200) = 0.67፣ √(50/200) = 0.5። ደምሩ፦ 1.17። ከአንድ በላይ የሆነ አሊል ተገኘ፣ ጉድ ነው። ሁሉም ጂኖታይፕ ከታየ ግምት አያስፈልግም፤ ቁጠሩ። እያንዳንዱ FF ሁለት F አለው፣ እያንዳንዱ FS አንድ።

```
p = (2×90 + 60) / 400 = 240/400 = 0.6
q = (2×50 + 60) / 400 = 160/400 = 0.4
```

ሚዛን ላይ ቢሆን ኖሮ የምንጠብቀው FF 72፣ FS 96፣ SS 32 ነበር። የተገኘው FS ግን 60 ብቻ ነው። ካይ ስኩዌር፦

```
18²/72 + 36²/96 + 18²/32
= 4.5 + 13.5 + 10.125 = 28.125
```

በአንድ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ገደቡ 3.84 ነው። 28 በጣም ሩቅ ነው፣ ስለዚህ ሚዛን ላይ አይደለም። ምክንያቱን ለማወቅ አበባው ላይ ትንሽ ቁሙ። ባቄላ ከፊሉን ንብ ታዳቅለዋለች፣ ከፊሉን ራሱ በራሱ ይዳቀላል። ራስን በራስ መዳቀል ከአጎት ልጅ ጋብቻም የባሰ ዝምድና ነው፤ ውጤቱ ግን ያው በጥያቄ 3 ያዙልኝ ያልኳችሁ ነው። ገብስ ብትወስዱ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ራሱን ስለሚያዳቅል የተቀላቀለ ጂኖታይፕ ማግኘት ራሱ ችግር ነው።

ጥያቄ 5። ቀለም መለየት

ቀይና አረንጓዴ ያለመለየት ጂን በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ከወንዶች 4 ከመቶው ይህ ችግር አለበት እንበል። ከሴቶችስ?

*መልስ።* ወንድ ያለው ኤክስ አንድ ነው። ስለዚህ የወንዶቹ 0.04 ራሱ q ነው፤ ስኩዌር ሩት የለም። ሴቶች q² = 0.0016፣ ከ10,000 አሥራ ስድስት። ተሸካሚ ሴቶች 2 × 0.96 × 0.04 = 0.0768።

ጥያቄ 6። ደም

ኦ 36 ከመቶ፣ ኤ 45 ከመቶ፣ ቢ 13፣ ኤቢ 6። የሦስቱን አሊሎች ድግግሞሽ አስሉ፤ ሚዛን ላይ ነው።

*መልስ።* r = √0.36 = 0.6። ኤ እና ኦ አንድ ላይ (p + r)² ናቸው፦ √0.81 = 0.9፣ p = 0.3። q = 0.1። ማረጋገጫ፦ 2pq = 0.06፣ ኤቢው ገጠመ።

ጥያቄ 7። የቤት ሥራ፣ መልስ አልጻፍኩም

ጓሳ ላይ 40 ቀይ ቀበሮ ተቆጠረ እንበል። ከነዚህ ሁለቱ አንድ ብርቅ አሊል በአንድ በአንድ ተሸክመዋል። ሀ) የአሊሉን ድግግሞሽ አስሉ። ለ) ሚዛን ላይ ቢሆን ኖሮ ከ40ው ስንቶቹ ንጹህ ሪሴሲቭ ይሆኑ ነበር? ሐ) በበሽታ ሁለቱ ተሸካሚዎች ሳይወልዱ ቢሞቱ q ስንት ይሆናል? ያው አደጋ 40,000 ቀበሮ ያለበት፣ ድግግሞሹ ግን እኩል የሆነ ፖፑሌሽን ውስጥ ሁለት ተሸካሚ ቢገድልስ? ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፋችሁ፣ ከአምስቱ ግምቶች የትኛው እንደተሰበረ በአንድ መስመር ጨምሩበት። የሚቀጥለው ቅዳሜ መጀመሪያ የማየው እሷን መስመር ነው።