የሰነዶች ይቅረቡልን ማመልከቻ እና ዝርዝር

ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ
የንግድ ችሎት
አዲስ አበባ

ከሳሽ፦ የአርማታ ብረት አቅራቢው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር
ተከሳሽ፦ የሕንፃ ሥራ ተቋራጩ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር

ጉዳዩ፦ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145 መሠረት ሰነዶች እንዲቀርቡ ትእዛዝ ስለመጠየቅ

ከሳሽ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተደረገው የሽያጭ ውል 200 ቶን ባለ 12 እና ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ በቶን 108,000 ብር ሒሳብ፣ በአምስት ጉዞ አዳማ በሚገኘው የተከሳሽ የግንባታ ቦታ አስረክቧል። ከጠቅላላው 21,600,000 ብር የተከፈለው ቅድመ ክፍያ 6,480,000 ብር ብቻ ሲሆን፣ ክሱም የቀረበው ለቀሪው 15,120,000 ብር ነው። ተከሳሽ በመልሱ አራተኛው እና አምስተኛው ጉዞ፣ ማለትም 80 ቶን፣ እንዳልደረሰው፣ የደረሰውም የጥራት ጉድለት እንዳለበት፣ በተጨማሪም ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. 4,200,000 ብር ለከሳሽ ሠራተኛ በባንክ ማስተላለፉን ገልጿል። ለእነዚህ መከራከሪያዎች አንድም ሰነድ አላያያዘም፤ እውነቱን የሚያሳዩት መዛግብት ግን በእጁ፣ በባንኩ እና በግብር መሥሪያ ቤቱ ይገኛሉ።

ስለዚህ የሚከተሉት እንዲቀርቡ እናመለክታለን።

1. የውስጥ ኢሜይሎች። ከጥቅምት 1 ቀን እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተከሳሽ ሥራ አስኪያጅ፣ የፋይናንስ ኃላፊ፣ የግዥ ኃላፊ፣ የአዳማው ፕሮጀክት መሐንዲስ እና የግንባታ ቦታው መጋዘን ጠባቂ ይህን ፌሮ፣ ርክክቡን፣ ጥራቱን ወይም ክፍያውን አስመልክተው እርስ በርሳቸው የተጻጻፏቸው መልእክቶች ከነአባሪዎቻቸው ይቅረቡ። ለሥራው የግል የኢሜይል አድራሻ ተጠቅመው ከሆነ ያም ይካተት። ተከሳሽ ስለ ጥራት ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያሳወቀን መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ይኸውም የመጨረሻው ጭነት ታኅሣሥ 18 ቀን ከተራገፈ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው። መሐንዲሱ ብረቱን ሲረከብ ምን ብሎ እንደጻፈ፣ ብረቱ በኮንክሪት ሥራ ላይ መዋል አለመዋሉን እና ቅሬታው ከክፍያ ጥያቄያችን በፊት የተነሣ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየው ይህ መጻጻፍ ብቻ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት በቅርጹ ምክንያት ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ስለሚደነግግ፣ መልእክቶቹ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ቀን እና ሰዓት በሚታይበት በመጀመሪያ ኤሌክትሮኒክ ቅርጻቸው እንዲቀርቡ እንጠይቃለን፤ ተቆርጦ የታተመ ገጽ አይበቃንም። ተከሳሽ ከጠበቃው ጋር ያደረገውን መጻጻፍ አንጠይቅም። የጠፋ መልእክት አለ የሚባል ከሆነ፣ መቼ እና በማን እንደጠፋ በቃለ መሐላ ይገለጽ።

2. ደረሰኞች እና የመጋዘን ሰነዶች። ለአምስቱም ጉዞዎች የቆረጥናቸው የዱቤ ሽያጭ ደረሰኞች በተከሳሽ እጅ ያሉ ቅጂዎች፣ በግንባታ ቦታው የተቆረጡ የዕቃ መረከቢያዎች፣ የፌሮው የስቶክ ካርድ፣ የበር ጥበቃ የተሽከርካሪ መግቢያ መዝገብ ከኅዳር 5 እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እንዲሁም ቀንሶ ያስቀረው ቅድመ ግብር ካለ የዚያው ደረሰኝ ይቅረብ።

ከዚህ ጋር የተከሳሽ የኅዳር፣ የታኅሣሥ እና የጥር 2016 ዓ.ም. የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያዎች፣ ከነግዥ ዝርዝራቸው፣ ተከሳሽ በግብር ከፋይነት ከተመዘገበበት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት በትእዛዝ እንዲመጡ እንለምናለን። ይህን አጥብቀን የምንጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተከሳሽ በአራተኛው እና በአምስተኛው ጉዞ ደረሰኞች ላይ የተመለከተውን ታክስ ተቀናሽ አድርጎ ከሆነ፣ ዛሬ አልደረሰኝም የሚለውን ብረት ገዝቻለሁ ብሎ ለመንግሥት አስታውቋል ማለት ነው።

3. የባንክ መዛግብት። ተከሳሽ 4,200,000 ብር አስተላልፌበታለሁ የሚለው ሒሳብ በየትኛው ባንክ እንደሆነ እና የሒሳብ ቁጥሩን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ያሳውቅ። ባንኩም ከጥር 15 እስከ የካቲት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ያለውን የሒሳብ መግለጫ እና የዝውውሩን ማዘዣ፣ የተቀባዩ ስም እና የሒሳብ ቁጥር ተለይቶ፣ በቀጥታ ለፍርድ ቤቱ እንዲልክ ይታዘዝልን። በውሉ አንቀጽ 6 ክፍያ የሚፈጸመው በከሳሽ ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ ሲሆን፣ ከሳሽ ይህን ገንዘብ አልተቀበለም። ገንዘቡ ወደ ማን እንደሄደ ማወቅ ገንዘቡን ተቀብሏል ለተባለው ሠራተኛም ፍትሕ ነው። ከሳሽ የሌላውን ሒሳብ መረጃ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከባንክ ሊያገኝ አይችልም። ከተጠቀሰው አንድ ወር ውጭ ያለ የተከሳሽ የገንዘብ እንቅስቃሴ አያስፈልገንም።

በተከሳሽ እጅ ያሉት ሰነዶች ትእዛዙ ከደረሰው ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ፣ በተራ ቁጥር ተለይተው፣ አንድ ቅጂ ለፍርድ ቤቱ አንድ ቅጂ ለእኛ እንዲቀርቡ፤ የሌለ ሰነድ ካለም የሌለበት ምክንያት በቃለ መሐላ እንዲገለጽ እናመለክታለን። ሰነዶቹ ለክርክሩ ያላቸውን አግባብነት እና ከሳሽ በራሱ ሊያገኛቸው አለመቻሉን የሚያስረዳ ቃለ መሐላ ተያይዟል።

ማመልከቻው በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እናረጋግጣለን።

የከሳሽ ጠበቃ