የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ (120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር)፦ ከፎቶ የተተረጎመ የአጠቃቀም መመሪያ

ሰላም እህቴ፣ ከለንደን የመጣልዎትን ሽሮፕ ወረቀት ከሦስቱ ፎቶዎች ተርጉሜዋለሁ። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው የእኔ ማስታወሻ ነው፤ ሌላው የወረቀቱ ቃል ነው።

ይዘት
በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አለ። [ሚሊ ግራም የመድኃኒቱ ክብደት ነው፣ ሚሊ ሊትር ደግሞ የሚጠጣው ፈሳሽ ልክ። በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ያለው ሽሮፕም ስላለ፣ ከታች ያለውን ልክ ለሌላ ጠርሙስ አይጠቀሙበት።]

አሰጣጥ
ጠርሙሱን ቢያንስ ለ10 ሰከንድ በደንብ ይነቅንቁ። አብሮ የመጣውን ማንኪያ ብቻ ይጠቀሙ። [የቤት ማንኪያ አንዱ ከአንዱ ይለያያል፤ የሻይ ማንኪያ አይሆንም።]

ከ3 እስከ 6 ወር፦ 2.5 ሚሊ ሊትር፣ እስከ 4 ጊዜ
ከ6 እስከ 24 ወር፦ 5 ሚሊ ሊትር፣ እስከ 4 ጊዜ
ከ2 እስከ 4 ዓመት፦ 7.5 ሚሊ ሊትር (አንድ 5 እና አንድ 2.5)፣ እስከ 4 ጊዜ
ከ4 እስከ 6 ዓመት፦ 10 ሚሊ ሊትር፣ እስከ 4 ጊዜ

[የሦስት ዓመቱ ልጅዎ መስመር ሦስተኛው ነው። በፎቶው ላይ የፍላሹ ብርሃን ነጥቡን ስለሸፈነው «75» ይመስላል። «አንድ 5 እና አንድ 2.5» የሚለው ግን በግልጽ ይነበባል፤ ስለዚህ ሰባት ነጥብ አምስት ነው። «እስከ 4 ጊዜ» ማለትም «የግድ 4 ጊዜ» ማለት አይደለም፤ ትኩሳቱ ከወረደ መድገም አያስፈልግም።]

ማስጠንቀቂያ
በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ አይስጡ።
በሁለት መጠኖች መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆዩ። [ጠዋት 2 ሰዓት ከሰጡ፣ የሚቀጥለው ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት አይሆንም።]
ፓራሲታሞል ካለበት ሌላ ማንኛውም መድኃኒት ጋር አይስጡ። [ብዙ የጉንፋን ሽሮፖች ፓራሲታሞል አላቸው፤ የጠርሙሱን ጀርባ ይዩ።]
ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳያማክሩ ከ3 ቀን በላይ አይስጡ።
ልጁ ከመጠን በላይ ከወሰደ፣ ደህና ቢመስልም እንኳ ወዲያውኑ ሐኪም ያናግሩ። ዘግይቶ የሚታይ ከባድ የጉበት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። [«ደህና ቢመስልም እንኳ» የሚለው በወረቀቱ ላይ በደማቁ ተጽፏል። ተጫወተ፣ በላ ብለው አይጠብቁ።]
ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት አያስቀምጡ። ልጆች ከማያዩትና ከማይደርሱበት ቦታ ያኑሩ።

የሚያበቃበት ጊዜ
EXP 03 2027 [በፈረንጆች መጋቢት 2027 መጨረሻ፣ በእኛ መጋቢት 22 ቀን 2019 ነው። 2027ን በእኛ አቆጣጠር ካነበቡት ስምንት ዓመት ገደማ ያሳስትዎታል።]

ሌሎች ንጥረ ነገሮች
ሶርቢቶል፣ ማልቲቶል፣ E218፣ [የሚቀጥለው ቁጥር በወረቀቱ እጥፋት ላይ ስለወደቀ አይነበብም። E122 ይሁን E124 መለየት ስለማይቻል በግምት አልሞላሁትም፤ ሁለቱም ቀይ ማቅለሚያ ናቸው፣ አለርጂም ሊያስነሱ ይችላሉ። ወረቀቱን ዘርግተው በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ያንን ጥግ ብቻ ቀርበው አንስተው ይላኩልኝ። ልጁ ለማቅለሚያ አለርጂ ካለበት እስከዚያው አይስጡት።]