ለሐሙስ አጥቢያ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም

ሌሊት 9:40

አሁን ገና አገሳች። ህሊና አጥብታ ከሰጠችኝ ግማሽ ሰዓት ሳያልፍ አይቀርም። ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ጀርባዋን ከታች ወደ ላይ እያሻሸሁ ሳሎን ውስጥ ስንጎራደድ ነበር። ግሳቷ ሲወጣ ትንሽ ወተት አንገቴ ላይ ፈሰሰ። ተመስገን። ካላገሳች ቁርጠቱ እስኪነጋ አያስተኛትም። እሷ ካልተኛች ደግሞ ህሊናም አትተኛም።

አሁን ጭኔ ላይ ናት። የምጽፈው ስልኬ ላይ በአንድ እጄ ነው፤ የሌላውን እጄን አውራ ጣት ጭብጥ አድርጋ ይዛዋለች።

ሲስተሯ ስትመክረን አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለባት ብላን ነበር፤ ሌሊቱንም ጨምሮ። ያኔ እሺ ብዬ ሰማሁ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ቤት ከገባን በኋላ ነው። ጠብታ፣ አግሥታ፣ ዳይፐር ተቀይሮላት፣ ተኛች ብለን ጎናችንን ስናሳርፍ ቀጣዩ ይደርሳል። ቀንና ሌሊቱንም ገና አልለየችም። ቀን ጠያቂ ሲመጣ ድብን ብላ ትተኛለች። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» እያሉ መርቀው ይሄዳሉ። ሌሊት ዓይኗ ይፈጣል።

የህሊና እናት፣ እማማ፣ ባይመጡልን ምን ይውጠን ነበር? ከደብረ ብርሃን ለጋ ቅቤ ይዘው ነው የመጡት። ለልጅቷም ሊያቀምሷት አስበው ነበር። ሲስተሯ እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ምንም፣ ውሃም ቢሆን፣ እንዳይሰጣት ማለቷን ህሊና ስትነግራቸው ዝም ብለው አሰቡ። ከዚያ «ይሁን፣ እናትየዋ ትብላው» ብለው ገንፎው ላይ ገለበጡት። የነቢያት ጾም ስለገባ የህሊናን የዶሮ ሾርባ ሠርተው ጨውን መቅመስ አይችሉም። የማልጾመው እኔ ነኝና ከበር ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ና እስቲ አንተ ልጅ፣ ቅመስልኝ» ይሉኛል። ማንኪያውን ይዘው ፊቴን ያዩታል።

ቅዳሜ ይሄዳሉ። የገብሱ አጨዳ ደርሷል፤ ከዚህ በላይ ቆዩልን ማለትም ነውር ነው።

ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ህሊና ብቻዋን ልትሆን ነው። እሱን ሳስብ ሆዴ ይረበሻል። የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ከአልጋ ስትነሳ አሁንም ግድግዳውን ተደግፋ ነው። ዛሬ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስነቃ ልጅቷ ጡቷ ላይ ናት፣ እሷ ግን ተቀምጣ እንቅልፍ ጥሏታል። ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ክንዷ ላልቷል። ልጅቷ ቀስ እያለች ወደ አልጋው ጠርዝ እየተንሸራተተች ነበር። ቶሎ ብዬ አነሳኋት። ህሊና ባዶ ክንዷን እንዳቀፈች ነበር። ስነካት ደንግጣ «ልጄስ?» አለች።

አሁንም ድረስ ልቤ አልተመለሰም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው፤ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። 3ቱም ቀን ከሆስፒታል ፋርማሲ ስመላለስ አለቀ። ልጄን ያወቅኳት ከዚያ ወዲህ፣ በሌሊት ነው። ቀን ቢሮ ነኝ። እናቷን ስትፈልግ የምታለቅሰውንና ሆዷን ሲቆርጣት የምታለቅሰውን የለየሁት በዚህ ሰዓት ነው። ሲቆርጣት እግሯን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች፣ ፊቷ ቲማቲም ይመስላል። አሁን ደግሞ መብራቱ ሥር እርግብግቢቷ ከፍ ዝቅ ሲል አየዋለሁ። ባየሁት ቁጥር እፈራለሁ፤ ግን ዓይኔን ከሱ መንቀል አልችልም። ደክሞኛል፣ ቢሮ ስክሪን ላይ ቁጥሩ ይደበዝዝብኛል፤ ሆኖም ይህን ሰዓት ለማንም አልሰጥም።

የዓመት ፈቃዴን ለክርስትናዋ ብዬ አስቀምጬው ነበር። 80 ቀኗ የሚሞላው ከጥምቀት በኋላ ነው። ለድግስ የሚሆን ቀን ግን አይጠፋም፤ ዘመድም ሠፈርም አለ። ህሊናን የሚያግዛት ሰው የሚያስፈልገው አሁን ነው። ስለዚህ ሲነጋ ቢሮ ገብቼ ከሰኞ ጀምሮ ፈቃድ እጠይቃለሁ። አለቃዬ የወር መዝጊያ ነው እንደሚለኝ አውቃለሁ። ነገና ዓርብ አምሽቼ የኔን ድርሻ እጨርሳለሁ፣ የቀረውን ለባልደረባዬ አስረክባለሁ። ካስፈለገም ስለ ኦፕራሲዮኑ የሆስፒታሉን ወረቀት ይዤ እገባለሁ።

ለህሊና ስትነሳ እነግራታለሁ። እማማን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት እስከ ላምበረት መናኸሪያ እኔው እሸኛቸዋለሁ። ልጃቸውን ለማን ትተው እንደሚሄዱ እያሰቡ መኪና እንዲሳፈሩ አልፈልግም።