የእናንተ ጥያቄ ለዘንድሮው የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ይፈለጋል!

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለምትማሩ ሁሉ፣

የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ዓመታዊ ዐውደ ርዕይ ቅዳሜ ግንቦት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በአዳራሹ ይካሄዳል። አሁን የምንጠይቃችሁ ያለቀ ሥራ አይደለም። ሐሳብ ብቻ ነው። አንድ ገጽ ጽፋችሁ እስከ አርብ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. አስገቡ።

የክበቡ አባል መሆን አያስፈልግም። ካርዳችሁን አናይም፤ ደረጃችሁንም አንጠይቅም። 9ኛ ክፍል ገና የገባችሁም እኩል ትወዳደራላችሁ። ከገጠር መጥታችሁ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ደግሞ በተለይ እንፈልጋችኋለን። ስለ ማሳ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ምንጭ ውሃ ከእኛ ከከተማዎቹ የበለጠ ታውቃላችሁ።

ምን ዓይነት ሐሳብ?

በየዓመቱ በሲሪንጅ የሚንቀሳቀስ ክንድና በቤኪንግ ፓውደር የሚፈነዳ እሳተ ገሞራ ይመጣል። ሲታዩ ያምራሉ። ነገር ግን መልሳቸው ሳይሠሩ በፊት የታወቀ ነው። ዘንድሮ ቅድሚያ የምንሰጠው ሠሪው ራሱ መልሱን ለማያውቀው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ትንሽ ይሁን፣ ከቤታችሁ ወይም ከሰፈራችሁ ይነሳ፣ በቁጥር የሚለካ ነገር ይኑረው። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ ዕቃው የወዳደቀ ጣሳና የውሃ ላስቲክ ቢሆንም ግድ የለንም።

ለምሳሌ ውርጭን እንውሰድ። እዚህ አገር ባቄላ በውርጭ ሲመታ ያላየ የለም። ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። የቀዘቀዘው አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ የታችኛው ማሳ ተቃጥሎ የላይኛው ሊተርፍ ይችላል። ይሄ መጽሐፍ ላይ አለ። በእናንተ ቀበሌ፣ በእናንተ ማሳ ልዩነቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። ለክታችሁ የምትነግሩን እናንተ ናችሁ። በውርጭ ላይ መሥራት የምትፈልጉ ጥር 15ን አትጠብቁ፤ ብርዱ ሳያልፍ ዛሬውኑ መጥታችሁ ቴርሞሜትር ውሰዱ።

ወጥ ቤትም ላብራቶሪ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት ግን ከእኛ 1,500 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ እዚያ ከ95 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ታዲያ አንድ ዓይነት ባቄላ፣ በአንድ ዓይነት ብረት ድስት፣ እዚህና እዚያ ንፍሮ ለመሆን ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ሌሊቱን ቢዘፈዘፍስ ስንት ደቂቃ ይቀንሳል? ሸዋ ሮቢት ዘመድ ያለው ተማሪ አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። ማገዶ የሚቆጥብ ነገር ከተገኘ ደግሞ እናቶቻችን ነገውኑ ይጠቀሙበታል።

የጅሩ ልጆች ስለ መረሬ አፈር ታውቃላችሁ። ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥርና ሥሩ አየር ያጣል። ገበሬው መደብ አውጥቶ፣ ቦይ አበጅቶ ውሃውን ያጠነፍፋል። ይህን በጣሳ መሞከር ይቻላል። ሁለት ጣሳ ላይ አንድ ዓይነት መረሬ ሙሉ። አንዱን ከሥሩ ብሱት፤ ሌላውን ተዉት። እኩል ስንዴ ዝሩ፣ እኩል ውሃ አጠጡ፤ ቁመቱንም በየሳምንቱ ለኩ። ሁለት ጣሳ ብቻ ግን ዕድል ሊያሳስተው ስለሚችል ከየዓይነቱ አምስት አምስት ብታደርጉ ይሻላል።

ከመንዝ የመጣችሁ ጓሳ አለላችሁ። እዚያ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል እየተዘዋወረ አይጥ እንደሚያድን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ይህ የታወቀው ሰው ቁጭ ብሎ፣ አይቶ፣ ቆጥሮ ስለጻፈ ነው። ደብተርና ትዕግሥት ያለው ተማሪ በየጊቢው ያሉ ወፎችን ቢቆጥርም ጥሩ ሥራ ይወጣዋል።

ኩበትና ባህር ዛፍ፣ የጣሪያ ውሃ፣ የበግ ሱፍ ሙቀት መያዝ፣ የሞባይል ባትሪ በብርድ ቶሎ ማለቁ፣ ይህ ሁሉ ክፍት ነው። ሒሳብና ኮምፒውተር የምትወዱም ኑ።

ገጹ ላይ ምን ይጻፍ?

በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይቻላል። እንግሊዝኛው ያስፈራው ሰው በአማርኛ ይጻፍ፤ ነጥብ አይቀነስበትም። ክበቡ ለናሙና ያዘጋጀው ይህን ይመስላል፦

> ጥያቄያችን፦ ረባዳ ላይ ያለ ማሳና ተዳፋት ላይ ያለ ማሳ ሌሊት በስንት ዲግሪ ይለያያሉ?
> ለምን፦ የታችኛውን ባቄላ ውርጭ መታው፤ የላይኛው ተረፈ።
> የምንለካው፦ በሁለቱም ማሳ ቴርሞሜትር ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርገን እናስራለን። ለ20 ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ እናነባለን። ሰማዩ ጥርት ያለ ወይም ደመናማ እንደነበር እንጽፋለን።
> ግምታችን፦ ረባዳው ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ደመና ባለበት ሌሊት ግን ልዩነቱ ይጠባል።
> የሚያስፈልገን፦ ሁለት ቴርሞሜትር፣ ሁለት እንጨት፣ ገመድ፣ ደብተር።
> የሚያሰጋን፦ ሁለቱን ማሳ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ሁለት ሆነን እንሠራለን።

ግምታችሁ ስህተት ሆኖ ቢገኝ አትደንግጡ፤ ቁጥሩንም ለማስተካከል እንዳትሞክሩ። የተገኘውን እንዳለ ያቀረበ ቡድን ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ቁጥር የፈጠረ ግን ከውድድሩ ይወጣል። እዚህ ላይ አንደራደርም።

ማወቅ ያለባችሁ

ብቻችሁን ወይም እስከ ሦስት ሆናችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ሴት ተማሪዎች፣ ቡድን ውስጥ ጸሐፊ ብቻ ሆናችሁ እንዳትቀሩ፤ የራሳችሁን ጥያቄ ይዛችሁ ኑ። ለተመረጠ ቡድን ክበቡ እስከ 800 ብር የዕቃ ወጪ ይሸፍናል። ቴርሞሜትር፣ ሚዛንና መልቲሜትር ከላብራቶሪ በፊርማ ታወጣላችሁ።

ከግድግዳ ሶኬት ኤሌክትሪክ የሚጠቀም፣ እሳት የሚነካ ወይም ኬሚካል ያለበት ሥራ ያለ መምህር አይጀመርም። እንስሳ የሚጎዳ ሙከራ አንቀበልም። የዱር እንስሳ የምታዩ ከሩቅ እዩ፤ ምግብ አትስጡ። ከከተማ ውጭ የምትሄዱ ለቤተሰብ ተናግራችሁ፣ የፈቃድ ወረቀት አስፈርማችሁ ነው።

ሐሳባችሁን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ባለው ሰማያዊ ሣጥን ውስጥ ጨምሩ፤ ወይም ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ መምህራን ስጡ። የተመረጡት አርብ የካቲት 6 ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይና በሚኒ ሚዲያ ይነገራሉ። ያልተመረጠ ሁሉ ለምን እንዳልተመረጠና ምን ቢጨመርበት እንደሚሻል በጽሑፍ ይደርሰዋል።

ጥያቄው ገና በጭንቅላታችሁ ብቻ ከሆነና እንዴት እንደምትጽፉት ከቸገራችሁ፣ ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ የክበቡ አባላት ላብራቶሪ ውስጥ አሉ። ዝም ብላችሁ ግቡ፤ አብረን እንጽፈዋለን። ወረቀቱ ላይ የሁላችሁንም ስም፣ ክፍልና ሴክሽን መጻፍ እንዳትረሱ።

የሳይንስ ክበብ