እንኳን ተወለድሽ

ከተዋወቅን ገና አምስት ሳምንታችን ስለሆነ ለልደትሽ ምን ያህል መጻፍ እንደሚገባኝ ብዙ አመነታሁ፤ ቢረዝም ያስደነግጥሻል፣ ቢያጥር ደግሞ ለሁሉም ሰው የሚላክ ይመስልብኛል ብዬ ሰጋሁ። ሆኖም ባለፈው እሑድ ከጦሳ የወረደው ጉም ደሴን ሸፍኗት ሳለ፣ ከቡና ቤቱ በረንዳ ተቀምጠሽ ከፈንዲሻው መካከል ያልፈነዳውን እየለቀምሽ በስኒሽ ማስቀመጫ ጠርዝ ላይ በጥንቃቄ ስትደረድሪ ባየሁሽ ጊዜ፣ ይህች ልጅ የተወለደችበት ቀን በዝምታ ሊያልፍ አይገባም ብዬ ወሰንኩ። የደረደርሻቸው አሥራ አንድ ነበሩ፤ ስለቆጠርኳቸው አትታዘቢኝ።

ዘፈን እንድመርጥልሽ ብትጠይቂኝ፣ ከአራቱ ቅኝቶች ለትዝታ ገና ነን፤ ባቲና አምባሰልም ለመንገድ ይቆዩን፤ ለዛሬ «አንቺ ሆዬ» ይበቃናል።

እንኳን ለልደትሽ በሰላም አደረሰሽ፤ ዕድሜና ጤና፣ ከዚያም ጋር ብዙ ሳቅ ይስጥሽ። ስጦታዬ ጥቂት ነው፤ የፊታችን ቅዳሜ ጊዜ ካለሽ ሐይቅ ድረስ ወርደን ከውኃው ዳር ዓሣ ልጋብዝሽ እወዳለሁ። ከቤተሰብሽ ጋር የምታሳልፊው ከሆነ ግን ቅር አይለኝም፤ ቢለኝም ጥቂት ብቻ ነው። ለማንኛውም ጃኬት ያዢ፤ ስንመለስ ደሴ ትበርዳለች።