ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ፦ የሆቴል ሪሴፕሽኒስት

የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ እንግዳ ተቀባይ (ሪሴፕሽኒስት)
ብዛት፦ 2
ጾታ፦ አይለይም
የቅጥር ሁኔታ፦ ከ2 ወር የሙከራ ጊዜ በኋላ በቋሚነት
ተጠሪነት፦ ለፍሮንት ኦፊስ ኃላፊ

ሆቴላችን 48 ክፍሎች አሉት። እንግዳ የትኛውም ክፍል ከመግባቱ በፊት የሚያገኘው ሪሴፕሽን ላይ የቆመውን ሰው ነው። ሲሄድም የሚሰናበተው እሱኑ ነው። ይህን ቦታ የሚይዙ ሁለት ሰዎች እንፈልጋለን። ሥራው ምን እንደሚመስል ሳንደባብቅ እንንገራችሁ።

የዕለት ተዕለቱ ሥራ እንግዳ መቀበል፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት አይቶ መመዝገብ፣ ክፍል መስጠት፣ ቡኪንግ መያዝና መሰረዝ፣ ስልክ ማንሳት፣ ሒሳብ ተቀብሎ ደረሰኝ መቁረጥ ነው። ክፍል ከመስጠታችሁ በፊት መጽዳቱን ከሃውስኪፒንግ ታረጋግጣላችሁ። አምፖል ተቃጠለ፣ ሙቅ ውሃ ጠፋ የሚል ጥሪ ሲመጣ ለጥገና ትነግራላችሁ። ነግሮ መተው ግን የለም፤ መሠራቱን ደውላችሁ እንግዳውን ትጠይቃላችሁ።

ሌሊት የሚሠራ ሰው የቀኑን ሒሳብ ይዘጋል። በየፈረቃው መጨረሻ ካዝናው ይቆጠራል፣ ያላለቀ ጉዳይ ሁሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ርክክብ ይደረጋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቀስቅሱኝ ያለ እንግዳ ሳይመዘገብ ቀርቶ በረራ ቢያመልጠው የሚክሰው ነገር የለም።

አንድ ምሽት በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። አንድ አባት የተኛ ልጁን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ በሌላ እጁ ሻንጣ እየጎተተ ይገባል። ክፍል ይዣለሁ ይላል። ሲስተሙ ላይ ስሙ የለም። እኛ የምንፈልገው ሰው “የለም” ብሎ አያቆምም። መጀመሪያ አባትየውን ያስቀምጠዋል። ከዚያ በሰውየው አባት ስም፣ በመሥሪያ ቤቱ ስም፣ በሌላ ፊደል አጻጻፍ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ይገኛል። ካልተገኘም ባዶ ክፍል ካለ ይሰጠዋል፤ ክፍል ከሞላ ሌላ ሆቴል ደውሎ ያስይዝለታል። ልጁ አልጋ ላይ እስኪጋደም ድረስ ወረቀቱ ትንሽ ቢቆይ ችግር የለውም።

ሌላው በጣም የምንጠነቀቅለት ነገር የእንግዳ ምስጢር ነው። የክፍል ቁጥር ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ ቁልፉ መያዣ ላይ ተጽፎ ይሰጣል። ደዋይ “እገሌ እናንተ ጋ ነው ያረፈው?” ቢል አለ ወይም የለም አይባልም። ወንድሙ ነኝ ቢልም ያው ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለንም።

ከአመልካቾች የምንጠብቀው በሆቴል ሥራ ወይም በተመሳሳይ ሙያ ዲፕሎማ ወይም ሌቭል 4፣ ቢያንስ 1 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ጥሩ አማርኛና እንግሊዝኛ፣ መሠረታዊ የኮምፒውተር ችሎታ ነው። በካፌ፣ በሱቅ፣ በስልክ መረጃ ማዕከል ከሰው ጋር የሠራችሁበትን ጊዜም እንደ ልምድ እንቆጥረዋለን። የሆቴል ሲስተም አለማወቅ አያስጥልም፣ በ2 ሳምንት ውስጥ እናስተምራለን። የተቆጣ ሰው ፊት ረጋ ብሎ መቆምን ማስተማር ግን ይከብደናል፤ እሱን ይዛችሁ ኑ።

ሥራው በ3 ፈረቃ ነው፦ ከጠዋቱ 1 እስከ ቀኑ 9፣ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 5፣ ከምሽቱ 5 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት። ፈረቃው በየሳምንቱ ይዞራል። በዓል ቀን መግባትም አለ። ይህ ለቤተሰብ ኑሮ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ስለዚህ የፈረቃ ፕሮግራም ከ2 ሳምንት በፊት ይለጠፋል፣ በሳምንት 1 ሙሉ ቀን ዕረፍት አለ፣ ማታ ለሚወጣና ለሚገባ ሰው የሆቴሉ መኪና ቤቱ ድረስ ያደርሳል፣ ያመጣል።

ደመወዝ በሆቴሉ ስኬል መሠረት ሆኖ፣ መጠኑን ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት እንነግራችኋለን። ከሰርቪስ ቻርጅ ድርሻ፣ በፈረቃ ምግብ፣ የደንብ ልብስ ከነእጥበቱና የሕክምና ሽፋን ይጨመራል። ዛሬ የፍሮንት ኦፊስ ኃላፊ የሆነችው ባልደረባችን የጀመረችው እዚሁ ዴስክ ላይ፣ በሌሊት ፈረቃ ነው።

ለማመልከት ሲቪ፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ዋናውንና ኮፒውን ይዛችሁ፣ ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 የሥራ ቀናት ውስጥ በሆቴሉ 1ኛ ፎቅ በሚገኘው የሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮ በአካል ቅረቡ። ቢሮው ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ክፍት ነው። ከማመልከቻው ጋር አንድ ገጽ ያልሞላ ጽሑፍ ጨምሩልን፦ የተቸገረ ሰው የረዳችሁበትን አንድ ቀን ንገሩን። ከሲቪው በፊት የምናነበው እሱን ነው።

ሴቶችና አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ እናበረታታለን። ለምዝገባም ሆነ ለቅጥር የሚከፈል ምንም ገንዘብ የለም፤ በሆቴሉ ስም ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ወዲያው አሳውቁን። ላለፉትም ላላለፉትም አመልካቾች ስልክ እንደውላለን።